ካሜራዎቹን በውጭ፣ ላፕቶፑን በውስጥ

ጥያቄ፦ «ቤቴ ውስጥ አራት የደህንነት ካሜራዎች ከነመቅጃቸው፣ አንድ ስማርት ቴሌቪዥን፣ አንድ ፕሪንተር እና በስልክ የሚበሩ ሁለት አምፖሎች አሉ። ሁሉም የተገናኙት የፋይበር ኢንተርኔት ስናስገባ በተሰጠን ራውተር ላይ ነው። የሦስት ድርጅቶችን ሂሳብ የምሠራበት ላፕቶፕም እዚያው ላይ ነው። ካሜራዎቹንና ሌሎቹን ዕቃዎች ከላፕቶፑና ከስልኮቻችን መለየት እፈልጋለሁ። ከድሮ ቤታችን የቀረ አንድ ተጨማሪ ራውተር አለኝ። በእሱ ይቻላል? ካሜራዎቹንስ በስልኬ ማየቴን እቀጥላለሁ?»

ምላሽ፦ ይቻላል፤ ማየትዎንም ይቀጥላሉ። ነገር ግን ውጤቱ የሚወሰነው የትኛውን ዕቃ በየትኛው ራውተር ላይ እንደሚያገናኙ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ካሜራዎቹን ነቅሎ በሁለተኛው ራውተር ላይ ማሰርና ላፕቶፑን በነበረበት መተው ነው። እንዲህ ከተደረገ ጥበቃው የሚደርሰው ለካሜራው እንጂ ለላፕቶፑ አይደለም። ራውተር ከውስጥ ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚሄድን ግንኙነት ያሳልፋል፤ ከውጭ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚመጣን ያግዳል። ለሁለተኛው ራውተር ደግሞ «ውጭ» ማለት ኢንተርኔት ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ራውተር ኔትወርክም ለእሱ ውጭ ነው። ስለዚህ ካሜራዎቹ ከሁለተኛው ራውተር ጀርባ ሲሆኑ ላፕቶፑ እነሱን ማግኘት ያቅተዋል፤ እነሱ ግን ላፕቶፑን እንደ ልባቸው ያገኙታል። በግቢና በቤት ቢያስቡት ይቀልዎታል፦ የመጀመሪያው ራውተር ግቢው ነው፤ ሁለተኛው ራውተር ከውስጥ የሚከፈት የቤት በር ነው። ላፕቶፑና ስልኮቹ ቤት ይግቡ፤ ካሜራው፣ መቅጃው፣ ቴሌቪዥኑ፣ አምፖሎቹና ፕሪንተሩ ግቢ ይቅሩ።

ይህ አቀማመጥ ሌላም ጥቅም አለው። ካሜራዎቹና አምፖሎቹ ያሉበት ቦታ ስለማይለወጥ አንዳቸውንም እንደ አዲስ ማገናኘት አያስፈልግዎትም። የሚዛወሩት ላፕቶፑና ስልኮቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱን ማዛወር ደግሞ አዲስ የይለፍ ቃል ከማስገባት ያለፈ ሥራ የለውም።

የሚጠበቁበት አደጋ ምን እንደሆነ በአጭሩ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ካሜራዎችን፣ መቅጃዎችንና የቤት ራውተሮችን በብዛት የያዘው በረቀቀ ዘዴ አልነበረም። ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጧቸውን 60 ያህል የመለያ ስምና የይለፍ ቃል ጥምረቶች እየሞከረ ነበር የሚገባው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በአሜሪካ ትልልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት ከአገልግሎት ውጭ ያደረገው ጥቃት የመጣው ከእነዚህ ዕቃዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በሂክቪዥን ካሜራዎች ላይ CVE-2021-36260 ተብሎ የተመዘገበው ክፍተት ይፋ ሆነ። በዚህ ክፍተት የካሜራውን የድር ገጽ መድረስ የቻለ ሰው ያለ ምንም የይለፍ ቃል ካሜራውን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር ይችል ነበር። አምራቹ ማስተካከያ አውጥቷል፤ ሆኖም ማስተካከያውን በካሜራው ላይ የሚጭነው ባለቤቱ ነው፤ ብዙዎች አይጭኑም። የተያዘ ካሜራ ደግሞ በውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር ያለው ዕቃ ስለሆነ፣ በዚያው ኔትወርክ ላይ ያለውን ላፕቶፕ፣ የተጋራ ፎልደርና የራውተሩን መቆጣጠሪያ ገጽ ሁሉ መደብደብ ይችላል። የሦስት ድርጅት ሂሳብ የያዘ ላፕቶፕ ካለበት ቤት ይህ እንዲሆን አይፈልጉም።

«የእንግዳ ዋይፋይ አይበቃም ወይ?» ሊሉ ይችላሉ። ሁሉም ዕቃ በዋይፋይ የሚገናኝ ቢሆን ኖሮ እኔም መጀመሪያ እሱን እመክርዎ ነበር። የእርስዎ መቅጃ ግን በኬብል የሚገናኝ ይመስለኛል፤ የእንግዳ ዋይፋይ ደግሞ በአብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ላይ በኬብል የተሰካን ዕቃ አይነካም። ተጨማሪ ራውተር ካለዎት በሁለት ራውተር መለየቱ ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ከድሮ ቤትዎ የቀረውን ራውተር፣ ማለትም ሁለተኛውን፣ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሱት፤ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ 10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ከዚያ የአምራቹን ድረ ገጽ ከፍተው ለሞዴሉ የወጣውን የመጨረሻ ሶፍትዌር ይጫኑበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል፦ ከአሁን በኋላ ላፕቶፕዎን የሚጠብቀው ይህ ራውተር ነው። አምራቹ ለሞዴሉ ማሻሻያ ማውጣት ካቆመ ዓመታት ያለፉ ከሆነ፣ ለዚህ ቦታ አዲስ ራውተር መግዛት ገንዘብ ማባከን አይደለም።

ቀጥሎ የአድራሻ ነገር ነው። የመጀመሪያው ራውተር 192.168.1.1 ነው እንበል፤ የእርስዎ የተለየ ከሆነ በራሱ ቁጥር ይተኩት። ሁለተኛው ራውተር ከዚህ የተለየ የአድራሻ ክልል ሊኖረው ይገባል፤ የውስጥ አድራሻውን 192.168.50.1 ያድርጉት። ሁለቱም ራውተሮች 192.168.1.x ላይ ከሆኑ ሁለተኛው አንድ አድራሻ በየት በኩል እንዳለ ማወቅ አይችልም፤ ኢንተርኔቱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይቋረጣል፣ የዚህም ምክንያት ግራ ያጋባዎታል። ከዚያ ከመጀመሪያው ራውተር LAN ከሚል ቀዳዳ ኬብል አውጥተው በሁለተኛው ራውተር WAN ወይም Internet በሚል ቀዳዳ ይሰኩ። ይህ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ በቀለም የተለየ ነው። በመጀመሪያው ራውተር ላይ ለሁለተኛው ቋሚ አድራሻ ይመድቡለት፤ እኔ 192.168.1.2 ብዬ እቀጥላለሁ። ለሁለተኛው ራውተር አዲስ የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ይስጡት፤ ከመጀመሪያው ራውተር ጋር አንድ አይሁን። ሁለቱ ራውተሮች ጎን ለጎን ከተቀመጡ የአንዱን የ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናል 1፣ የሌላውን 11 ቢያደርጉ አይረባበሹም።

በመጨረሻም ላፕቶፑንና ስልኮቹን በአዲሱ ዋይፋይ ላይ ያገናኙ፤ የድሮውን ዋይፋይ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ራውተር፣ ደግሞ ከእያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ ላይ ያጥፉ። ይህችን እርምጃ ብዙዎች ይዘሏታል። ስልኩ የሁለቱንም የይለፍ ቃል ካስታወሰ፣ ሳሎን ውስጥ የድሮው ዋይፋይ በርትቶ ባገኘው ጊዜ ሳይነግርዎት ወደ እሱ ይመለሳል፤ ለወራት የተለየ ኔትወርክ ላይ ነኝ ብለው ሲያስቡ ከካሜራዎቹ ጋር ሆነው ይቆያሉ።

ሥራው በትክክል መሠራቱን ማየት የሚጀምሩት ከላፕቶፑ አድራሻ ነው። በዊንዶውስ ላይ `ipconfig` ብለው ይጻፉ። አድራሻው በ192.168.50 ከጀመረ መልካም። በ192.168.1 ከጀመረ ግን ወይ ኬብሉ WAN ላይ ሳይሆን LAN ላይ ተሰክቷል፣ ወይ ራውተሩ Access Point በሚባለው አሠራር ላይ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ሁለተኛው ራውተር የዋይፋይ ማራዘሚያ ብቻ ሆኗል፤ ኢንተርኔቱ በደንብ ይሠራል፣ መለያየት ግን የለም። የዚህ ስህተት ክፋቱ ምንም የሚያሳይ ምልክት አለመኖሩ ነው።

ዋናው ፈተና በተቃራኒው አቅጣጫ የሚደረገው ነው። ሌላ ላፕቶፕ ተውሰው በኬብል ከመጀመሪያው ራውተር ጋር ያገናኙት፤ ለጊዜው የተያዘ ካሜራ ነው ብለው ያስቡት። ከእሱ ሆነው ወደ ውስጥ ለመግባት ይሞክሩ። ብዙ መመሪያዎች የውስጡን አድራሻ ፒንግ አድርገው መልስ ካልመጣ «ተለይቷል» ይላሉ። ይህ አያረካም። መልስ ያልመጣው የመጀመሪያው ራውተር ወደ 192.168.50 የሚወስደውን መንገድ ስለማያውቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። አጥቂ ደግሞ መንገዱን ራሱ ያስገባል። ስለዚህ እርስዎም ያስገቡ። በዊንዶውስ ላይ ትእዛዝ መጻፊያውን በአስተዳዳሪ ፈቃድ ከፍተው እንዲህ ይጻፉ፤ 192.168.50.20 በውስጡ ኔትወርክ ያለ የአንድ ስልክ አድራሻ ነው፦

```
route add 192.168.50.0 mask 255.255.255.0 192.168.1.2
ping 192.168.50.20
route delete 192.168.50.0
```

ከመፈተንዎ በፊት ያንኑ ስልክ ስክሪኑን አብርተው ከውስጡ ኔትወርክ ፒንግ ያድርጉትና መመለሱን ያረጋግጡ። ዊንዶውስ ላፕቶፖች በራሳቸው ፋየርዎል ምክንያት ለፒንግ ላይመልሱ ስለሚችሉ ለዚህ ፈተና አይሆኑም፤ ዝም ማለታቸው ስለ ራውተሩ ምንም አይነግርዎትም። ከውስጥ ሲጠየቅ የሚመልሰው ስልክ ከውጭ ሲጠየቅ ዝም ካለ የራውተሩ ፋየርዎል ሥራውን እየሠራ ነው። ከመለሰ ግን የሁለተኛው ራውተር ፋየርዎል ጠፍቷል ወይም ጭራሹን የለውም፤ ከቅንብሩ ውስጥ ፈልገው ያብሩት፤ የሚበራ ነገር ከሌለው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቀጥሎ፣ ከዚያው ከተዋሱት ላፕቶፕ ላይ ሆነው በአሳሽዎ `http://192.168.1.2` ብለው ይጻፉ። የሁለተኛው ራውተር መግቢያ ገጽ መከፈት የለበትም። ከተከፈተ Remote Management የሚለውን ያጥፉ፤ አለበለዚያ ካሜራው የበሩን ቁልፍ እየነካካ መሞከር ይችላል ማለት ነው።

ይህ አሠራር የማይሸፍነውን ነገርም ሳልነግርዎ አላልፍም። ከላፕቶፕዎ ወጥቶ ወደ ኢንተርኔት የሚሄደው ሁሉ በመጀመሪያው ራውተር በኩል ያልፋል፤ ካሜራዎቹም ያሉት እዚያ ነው። ስለዚህ የተያዘ ካሜራ የመጀመሪያውን ራውተር መቆጣጠሪያ ገጽ ሊደርስበት ይችላል። ራውተሩ ሲገባ የተሰጠው የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል እንደነበረ ከሆነ፣ ገብቶ የስም መፈለጊያ አድራሻውን ማለትም ዲኤንኤሱን ለውጦ ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራዎ ይሞክራል። ስለዚህ ያንን የይለፍ ቃል ዛሬ ይለውጡ፤ በሁለተኛው ራውተር ላይ ደግሞ ዲኤንኤሱን ከመጀመሪያው እንዳይወስድ አድርገው በእጅዎ ያስገቡ፤ 9.9.9.9 ወይም 1.1.1.1 ይሆናል። ከዚህም አልፎ በአንድ ኔትወርክ ላይ ያለ ዕቃ ራሱን ራውተር አስመስሎ የሌላውን ትራፊክ በራሱ በኩል ማሳለፍ ይችላል። የባንክና የኢሜይል ገጾች የተመሰጠሩ ስለሆኑ ይዘቱን አያነብም፤ ወዴት እንደሚሄዱ ግን ማየት ይችላል። አሳሽዎ የምስክር ወረቀት ማስጠንቀቂያ ባሳየዎት ጊዜ «ቀጥል» የሚለውን በፍጹም አይጫኑ።

በመጀመሪያው ራውተር ላይ UPnP የሚለውንም ያጥፉ። መቅጃዎች በዚህ በኩል ራውተሩን ጠይቀው ለራሳቸው ከኢንተርኔት የሚገባ በር ያስከፍታሉ፤ ባለቤቱ አያውቅም። ካጠፉ በኋላ Port Forwarding በሚለው ዝርዝር ውስጥ ካሜራውን የተከለው ባለሙያ የተወው ነገር ካለ ይደምስሱት። በዚህ ምክንያት ከቤት ውጭ ሆነው ማየት ያቆማሉ ብለው አይስጉ፤ በመቅጃው ላይ ያለውን ኮድ በስልክ አንሥተው የሚጠቀሙበት አፕ በአብዛኛው የሚሠራው መቅጃው ራሱ ወደ አምራቹ ሰርቨር ወጥቶ በሚፈጥረው ግንኙነት ነው፤ ክፍት በር አያስፈልገውም።

ቤት ሆነው ደግሞ በቀጥታ ማየት ይችላሉ። የመቅጃው አድራሻ 192.168.1.64 ከሆነ፣ ከውስጡ ኔትወርክ ሆነው ያንን አድራሻ በአፑ ውስጥ በእጅዎ ያስገቡ። ግንኙነቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ ሁለተኛው ራውተር ያሳልፈዋል። አፑ ራሱ ፈልጎ ያገኘው የነበረ ከሆነ ግን አሁን አያገኘውም፤ እንዲህ ያለው ፍለጋ የሚደረገው በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ላሉ ሁሉ በሚላክ ጥሪ ነው፤ ጥሪው ደግሞ ራውተርን አይሻገርም።

ቤተሰቡ የሚያማርርበትም ከዚሁ የመጣ ነው፦ ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን ቪዲዮ መላክ ያቆማል። ስልኩ ቴሌቪዥኑን የሚያገኘው በዚያው ዓይነት ጥሪ ነው። ይህን በራውተር ቅንብር ለማለፍ የሚሞከሩ ዘዴዎች አሉ፤ በተራ የቤት ራውተር ላይ ግን አድካሚ ናቸው። እኔ የምመክረው ባንክም ኢሜይልም የሌለበትን አሮጌ ስልክ በውጩ ዋይፋይ ላይ ትቶ ለቴሌቪዥኑ ብቻ መጠቀም ነው። ልጆች ካሉ ይህ ስልክ ወዲያው ባለቤት ያገኛል። አምፖሎቹ በአምራቹ ሰርቨር በኩል የሚታዘዙ ከሆኑ ከውስጥ ሆነውም እንደ ወትሮው ይበራሉ፤ አዲስ አምፖል ሲጨምሩ ግን ማገናኘቱን በዚያው አሮጌ ስልክ ያድርጉት።

ፕሪንተሩን በውጭ ይተዉት። ላፕቶፑ ላይ ፕሪንተሩን ሲጨምሩ በስም ከመፈለግ ይልቅ የአይፒ አድራሻውን ያስገቡ፤ ማተም ያለችግር ይሠራል። የማይሠራው ፕሪንተሩ ስካን ያደረገውን ራሱ ወደ ላፕቶፑ ፎልደር መላክ ነው፤ ያ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚመጣ ግንኙነት ነውና። ስካኑን ከላፕቶፑ ላይ ሆነው ይዘዙት፤ ያ ካልሆነ በፍላሽ ይውሰዱት። ለዚህ ብለው በሁለተኛው ራውተር ላይ በር አይክፈቱ።

ካሜራዎቹ የተሰኩት በመቅጃው ጀርባ ባሉት ኤሌክትሪክ በሚሰጡ ቀዳዳዎች ከሆነ፣ መቅጃው ለብቻቸው አድራሻ ስለሚሰጣቸው በቤቱ ኔትወርክ ላይ በቀጥታ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ መቅጃው ብቻ ነው፤ ይህ ጥሩ ነው። እያንዳንዳቸው በራሳቸው ራውተሩ ላይ ካሉ ግን መቅጃው ኢንተርኔት እንዲያገኝ ትተው፣ አራቱ ካሜራዎች እንዳያገኙ በራውተሩ የወላጅ ቁጥጥር ወይም የመሣሪያ እገዳ በኩል ይከልክሏቸው። ለመቅጃው ምስል ለመላክ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። ይህን ካደረጉ ሰዓታቸውን ይከታተሉ። ካሜራ ሰዓቱን የሚያስተካክለው ከኢንተርኔት ከሆነ፣ ሲከለከል ቀስ በቀስ ይዛነፋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ጭራሹን ወደ ሌላ ዓመት ሊመለስ ይችላል። ስርቆት ቢደርስና ፖሊስ ቅጂ ቢጠይቅ ምስሉ ላይ ያለው ሰዓት የተሳሳተ ከሆነ ብዙ ያከራክራል። ስለዚህ ካሜራዎቹ ሰዓታቸውን ከመቅጃው እንዲወስዱ ያድርጉ፤ የመቅጃውን የሰዓት ክልል GMT+3 ላይ ያስቀምጡ።

መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ራውተሮች እንዲሠሩ ከፈለጉ ሁለቱንም በአንድ የባትሪ መሣሪያ ላይ ያድርጓቸው። ሁለተኛው ብቻ ባትሪ ካለው የዋይፋይ ምልክቱ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ያኔ ሰው የሚያደርገው ነገር ስልኩን ወደ ድሮው ዋይፋይ መመለስ ነው።

ወደፊት ቤት ውስጥ ሠራተኛ ቀጥረው ሁለት ሦስት ላፕቶፕ ቢጨመር፣ ወይም ካሜራዎቹና ቴሌቪዥኑ እርስ በርሳቸውም እንዳይገናኙ ቢፈልጉ፣ ሁለት ራውተር አይበቃም። ያን ጊዜ በአንድ ራውተር ላይ ቪላን በሚባለው ዘዴ ብዙ ኔትወርክ መክፈት የሚችል እንደ ማይክሮቲክ ያለ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ያንን የሚያዋቅር ሰው መቅጠርም ተገቢ ነው። ሥራውን ሲረከቡ ከላይ የጻፍሁትን የተዋሱትን ላፕቶፕ ፈተና፣ መንገዱን ለራውተሩ አቀማመጥ በሚስማማ አድራሻ ተክተው፣ ፊቱ ላይ ያድርጉለት።